«አለስልሺልኝ» የተባልኩት አንቀጽ

የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሰሞን የቅርብ አለቆች የጻፉትን ማንበብ የሥራዬ አንዱ ክፍል ነው። ፎርሙ ወደ ሠራተኛው ከመሄዱ በፊት በእኔ በኩል ያልፋል። ብዙውን አንብቤ አልፈዋለሁ። አንዱ አንቀጽ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የላከልኝ የክፍል ኃላፊ ከሥሩ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ትንሽ ጠንከር ያለ ይመስለኛል፣ እስቲ አለስልሺልኝ።»

አንቀጹ ይሄ ነው፦

«ሥራዋን በግዴለሽነት ነው የምትሠራው። ሪፖርቶቿ ሁልጊዜ ስህተት አለባቸው፣ በሰዓቱም አይደርሱም። ሲነገራት ታኮርፋለች። ለቡድን ሥራ የሚሆን ጠባይ የላትም። በዚህ ሁኔታዋ ለእድገት አትታሰብም።»

ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ለዚያች ሠራተኛ ያለውን ጭንቀትም አውቃለሁ። የዕቃ ክምችት ሪፖርት የምታዘጋጀው እሷ ናት፣ ሪፖርቱ ሲበላሽ ተጠያቂው ደግሞ እሱ ነው። ግማሽ ዓመት ሙሉ ሲያበሳጨው የቆየውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነበር የተነፈሰው። ችግሩ ወረቀት ላይ መተንፈሱ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የምዘና ፎርም ላይ የሰፈረ ቃል ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ የግል ማህደር ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ኃላፊው ተቀይሮ፣ ሠራተኛዋን በአካል የማያውቅ ሰው አንስቶ ያነበዋል።

ወረቀቱን መለስኩለት። አጠገቡ አጭር ማስታወሻ ጻፍኩ፦ «እኔ ብጽፈው የእኔ ቃል ይሆናል። ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለህ የምታነብላት አንተ ነህ። አንዴ ራስህ ሞክረውና አብረን እናየዋለን።»

በማግስቱ የመጣው ሁለተኛው ረቂቅ ነው እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

ሲለሰልስ የጠፋው

«ትጉህና ታታሪ ሠራተኛ ናት። በሪፖርት ዝግጅት ረገድ አንዳንድ ክፍተቶች የተስተዋሉ ሲሆን፣ በቀጣይ በተወሰነ መልኩ ማሻሻያ ቢደረግ መልካም ነው። የተግባቦት ክህሎቷን ብታዳብር የበለጠ ውጤታማ ትሆናለች። በአጠቃላይ ለክፍሉ ያላት አስተዋጽኦ የሚደነቅ ነው።»

ጨዋ አንቀጽ ነው። ማንንም አያስቀይምም። ከሥሩ ያለውን ነጥብ ግን ተመልከቱ፦ የሥራ ጥራት፣ ከ5 ላይ 2። ሰዓት ማክበር፣ 2። የቡድን ሥራ፣ 2። ቁጥሩን ሳይነካው ቃሉን ብቻ ቀይሮታል። ይህን ወረቀት የምትቀበለው ሰው ምን ትረዳለች? «አስተዋጽኦዬ የሚደነቅ ከሆነ 2 ለምን ተሰጠኝ?» ትላለች። እውነቷን ነው። ወይ ቃሉ ይዋሻል፣ ወይ ቁጥሩ።

የምዘና ጽሑፎቻችን ላይ ደጋግመው የሚመጡ ሐረጎች አሉ። «አንዳንድ ክፍተቶች ተስተውለዋል።» ማን አስተዋለ? የት? ስንቱን? «በተወሰነ መልኩ» ሲባል ምን ያህል ነው? «ቢደረግ መልካም ነው» ማለትስ፣ ባይደረግም ችግር የለም ማለት ነው? እያንዳንዱ ሐረግ ከእውነቱ ላይ ትንሽ ይቆርሳል። ስድስት ሰባቱ ሲደረደሩ ምንም አይቀርም። ሠራተኛዋ ወረቀቱን አንብባ ስትነሣ በሚቀጥለው ሰኞ ምን እንደምትቀይር አታውቅም።

የመጀመሪያው አንቀጽ አሳፈረኝ፤ ሁለተኛው ደግሞ አስፈራኝ። ከስድስት ወር በኋላ ሪፖርቱ አሁንም ቢበላሽ ኃላፊው «ነግሬያት ነበር» ይላል። እሷ «ትጉህና ታታሪ ተብዬ ነበር» ትላለች። ሁለቱም ወረቀት ያሳያሉ። ያኔ የሚመጣው ጠብ ከመጀመሪያው ረቂቅ የከፋ ነው።

ሁለቱን ረቂቆች ጎን ለጎን አስቀምጬ ደጋግሜ አነበብኳቸው። ተቃራኒ ይመስላሉ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ነገር ታየኝ። በሁለቱም ውስጥ በእርግጥ የሆነ ነገር የለም። አንድም ቀን፣ አንድም ሪፖርት፣ አንድም ቁጥር አልተጠቀሰም። አንዱ ተቆጥቷል፣ ሌላው ፈገግ ብሏል። ሁለቱም ግን ስለ ሥራው ምንም አልነገሩንም።

ሦስቱ ፋይሎች

ኃላፊውን ቢሮው ሄጄ አገኘሁት። «ግዴለሽ» የሚለውን ቃል በጣቴ ነክቼ፣ «ይሄን ስትጽፍ ዓይንህ ላይ የመጣው ምን ነበር?» አልኩት።

አላመነታም። «የአራተኛው ወር ሪፖርት» አለኝ። «ማጠቃለያው 340 ካርቶን አለ ይላል። ዝርዝሩ 240 ነው። አስተዳደሩ የሚያየው ማጠቃለያውን ነው። 340 አለ ተብሎ ግዢው ዘገየ፣ ዕቃው አለቀ፣ የደንበኞች ትዕዛዝ 9 ቀን ቆመ። ስልኩን ሳነሳ የዋልኩት እኔ ነኝ።»

ይሄ ነው እንግዲህ። «ግዴለሽ» ከሚለው ቃል ጀርባ ይህን የሚያህል ነገር ነበር። ቃሉ ግን ይህን ሁሉ ሸፍኖታል። ሠራተኛዋ «ግዴለሽ ናት» የሚለውን ብታነብ ስለ ጠባይዋ ትከራከራለች እንጂ ስለ 100 ካርቶኑ አታስብም።

«ሌላስ?» አልኩት። የሁለተኛውና የአምስተኛው ወርም እንደዚሁ ነበሩ አለ። «ሁልጊዜ» ያልከው እነዚህን ነው? አዎ። የቀሩት ሦስቱስ? ትንሽ አሰበና «እነሱ ደህና ነበሩ» አለ። ከስድስት ሪፖርት ሦስቱ። ሦስቱ ራሱ ብዙ ነው፣ ማንም አይክደውም። «ሁልጊዜ» ግን ውሸት ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ደግሞ ለተመዛኙ ቀላል መውጫ ይሰጠዋል። ደህና የነበረውን አንድ ሪፖርት አንስቶ ካሳየ አንቀጹ በሙሉ ይወድቃል።

ከዚያ ሦስቱን ፋይሎች በኤክሴል ከፈትናቸው። ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው።

የሁለተኛውን ወር ማጠቃለያ ከዝርዝሩ ጋር ስናስተያይ ልዩነቱ ከአንድ ረድፍ ብቻ የመጣ ሆኖ አገኘነው። ረድፉ አጠገብ የእሷ ማስታወሻ አለ፦ «ወደ መጋዘን ተደውሎ ታርሟል።» ማጠቃለያው ላይ ያለው ድምር ልክ እርማቱ ከመደረጉ በፊት የነበረው ነው። አራተኛውን ወር አየን። እዚያም እንደዚሁ፤ መጀመሪያ 340 ተመዝግቦ ነበር፣ በመጨረሻው ሰዓት ድጋሚ አስቆጥራ 240 አደረገችው። አምስተኛውም ያው ነው። ማጠቃለያው ላይ ያሉት ቁጥሮች ከዝርዝሩ ጋር በቀመር አልተያያዙም። በእጅ ነው የተጻፉት። ስለዚህ ዝርዝሩ ሲታረም ማጠቃለያው ባለበት ይቀራል።

ኃላፊው ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን ሲያይ ቆየ። «እኮ ድጋሚ ያስቆጠረችው እሷ ናት ማለት ነው?» አለ።

አዎ። ግዴለሽ ሰው ወር መጨረሻ ላይ መጋዘን ደውሎ አያስቆጥርም። ስህተቱ የመጣው ለቁጥሩ ከመጠንቀቋ በኋላ፣ እርማቱን ወደ ማጠቃለያው ሳታሻግር በመቅረቷ ነው። ይህ ጥፋቷን አያነሳላትም። ሪፖርቱን ከመላኳ በፊት ሁለቱን ገጾች ማመሳከር ነበረባት፤ በሦስት ሪፖርት አላደረገችውም። የጥፋቱ ዓይነት ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። «ግዴለሽነት» ቢሆን መድኃኒቱ ምክርና ቁጣ ነበር። ይሄኛው የሚስተካከለው በአንድ ቀመርና በአንድ የማመሳከሪያ ልማድ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው እዚህ ጋ በደንብ ይሠራል። እስከዚያ ቅጽበት ድረስ ማለስለስን ከእውነቱ ላይ መቀነስ አድርጌ ነበር የማስበው። ጨዋ ለመሆን ትንሽ እውነት ትተዋለህ፣ እውነተኛ ለመሆን ትንሽ ጨዋነት ትተዋለህ፣ መሐል ላይ ትገናኛለህ። ሦስቱ ፋይሎች ይህን አፈረሱት። የመጀመሪያው አንቀጽ ሻካራ የሆነው እውነት ስለበዛበት አልነበረም። ኃላፊው ያየውን ትቶ የገመተውን ስለጻፈ ነው። ያየው ሁለት ቁጥሮች ናቸው። የገመተው የሰው ልብ ነው።

የቀሩት አረፍተ ነገሮች

ከዚያ በኋላ አንቀጹን አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር ሄድንበት። ለሁሉም ያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ስትጽፍ ምን አይተህ ነበር?

«በሰዓቱም አይደርሱም።» ሪፖርቱ የሚጠበቀው ወር በገባ በ5ኛው ቀን ነው። የዘገዩት ሁለት ናቸው፤ የሦስተኛው ወር 2 ቀን፣ የአምስተኛው 4 ቀን። ኢሜይሎቹን ስናይ የሦስተኛው ወር የአንደኛው መጋዘን መረጃ እሷ ጋ የደረሰው በ6ኛው ቀን ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ የመጣን መረጃ ይዛ እንዴት በሰዓቱ ታድርስ? ይሄ ከአንቀጹ ወጣ። የአምስተኛው ወር ግን የራሷ ነው። መዘግየቱን አስቀድማም አላሳወቀችም። እሱ ቀረ።

«ሲነገራት ታኮርፋለች።» እዚህ ላይ ተከራከርን። እሱ የሚለው የአራተኛው ወር ስህተት በስብሰባ ላይ ሲነሳ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ ምክንያቱን ጠይቆ የላከላትን ኢሜይል የመለሰችው ከ6 ቀን በኋላ ነው። እኔ የጠየቅኩት ስብሰባው ላይ ስንት ሰው ነበር የሚለውን ነው። ክፍሉ በሙሉ። በሰው ፊት ስህተቱ የተነገረበት ሰው ዝም ቢል ማኩረፉ ነው? መደንገጡ ይሆናል፣ ማፈሩ ይሆናል፣ ወይም በእርግጥ አኩርፎ ይሆናል። ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ኢሜይሉ ግን ይታወቃል። የተላከበት ቀን አለ፣ የተመለሰበት ቀን አለ። ኩርፊያው ወጣ፣ 6 ቀኑ ገባ።

ኃላፊው ይህን ሳይወድ ነው የተቀበለው። «ግን አኩርፋ ነበር፣ እኔ አውቃታለሁ» አለኝ። ልክ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ሠራተኛዋ እንድታርመው የሚፈለገው ነገር ነው። «አታኩርፊ» ቢሏት ምን ታደርጋለች? «ስለ ስህተት ለተጠየቅሽው በሁለት ቀን ውስጥ መልሺ» ቢሏት ግን ማድረግ ትችላለች። አድርጋ እንደሆነም ይታያል።

«ለቡድን ሥራ የሚሆን ጠባይ የላትም።» ለዚህ ምን አለህ ስለው ምንም አላገኘም። እውነቱን ለመናገር፣ ለማግኘት ሞክሯል፤ በደንብ አሰበ። አንድ ባልደረባ ያቀረበው ቅሬታ የለም፣ አብራው ሠርታ የተበላሸ ሥራ የለም። ከኩርፊያው ተነሥቶ የሄደ ስሜት ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን አረፍተ ነገር የትኛውም ቃል አያለሰልሰውም። «የቡድን መንፈሷን ብታጎለብት» ተብሎ ቢጻፍም ያው መሠረት የሌለው ክስ ነው፤ ጨዋ ልብስ ለበሰ እንጂ። ተሰረዘ። ከእሱ ጋርም የቡድን ሥራው ነጥብ ከ2 ወደ 3 ተነሣ፣ ማለትም «የሚጠበቀውን ያሟላል»። የሰዓቱም አንዱ መዘግየት የእሷ ስላልሆነ 3 ሆነ። የሥራ ጥራቱ 2 እንደሆነ ቀረ። እሱን ላንሣ ቢል እኔ ራሴ አልስማማም ነበር። ከስድስቱ ሦስቱ የተሳሳቱበትን ሪፖርት «የሚጠበቀውን ያሟላል» ማለት አይቻልም።

«ለእድገት አትታሰብም።» ይሄኛው ከሁሉም የሚከብድ ነው፣ ግን መቅረት የለበትም። ኃላፊው በዚህ ዙር ለከፍተኛ ባለሙያነት እንደማያቀርባት ወስኗል። ውሳኔው ካለ ልታውቀው ይገባል። ብዙ አለቆች የሚደብቁት ይህንኑ ነው። ሰውየው እየጠበቀ፣ ተስፋ እያደረገ፣ ሌላ ሰው ሲያድግ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበዋል። ከዚያ የበለጠ ንቀት አላውቅም። የተለወጠው «አትታሰብም» የሚለው ቃል ነው። በሩን ዘግቶ ቁልፉን የሚጥል ቃል ነው። ውሳኔው የአንድ ዙር ነው፣ ምክንያቱም ይታወቃል። እንደዚያው ይጻፍ።

እዚህ ላይ አንድ የማልጠብቀው ነገር መጣ። «ስለ ሁለተኛው ወር ስህተት ነግረሃታል?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ከዚያ «እኔው አርሜ ላክሁት፣ ጊዜ አልነበረም» አለ። ሠራተኛዋ የሁለተኛውን ወር ስህተት እስካሁን አታውቅም ማለት ነው። ያኔ ቢነገራት የአራተኛው ወር 340 ላይፈጠር ይችል ነበር። ፎርሙ ከመሰጠቱ በፊት ብቻዋን ጠርቶ እንዲነግራት ተስማማን። ሰው ጥፋቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከምዘና ወረቀት ላይ ማንበብ የለበትም። ይህን ኃላፊው በራሱ ፈቃድ አንቀጹ ውስጥም አስገባው።

የመጨረሻው አንቀጽ

ሦስተኛውን ረቂቅ የጻፈው እሱ ነው። ከ«እሷ» ወደ «እርስዎ» እንዲቀይረው ብቻ ለመንኩት። ስለ አንድ ሰው ለሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሆኖ መጻፍ በራሱ ቃሉን ያሻክረዋል። አንባቢዋ እሷ ናት፤ ለእሷ ይጻፍላት። እርግጥ አንቱታ ብቻውን አክብሮት አይሆንም። «እርስዎ ግዴለሽ ነዎት» ቢባል ስድብነቱ አይቀርም። እውነታው ከተቀመጠ በኋላ ግን ድምፁን ያስተካክላል።

«በዚህ ግማሽ ዓመት ካዘጋጇቸው 6 ወርሃዊ የክምችት ሪፖርቶች በ3ቱ፣ ማለትም በ2ኛው፣ በ4ኛውና በ5ኛው ወር፣ የማጠቃለያው ድምር ከዝርዝሩ ጋር አልተስማማም። በሦስቱም ምክንያቱ አንድ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ያደረጉት የመጨረሻ እርማት ወደ ማጠቃለያው አልተላለፈም። በ4ኛው ወር ዝርዝሩ ላይ 240 የነበረው ዕቃ ማጠቃለያው ላይ 340 ተብሎ በመቅረቡ ግዢ ዘግይቶ የደንበኞች ትዕዛዝ 9 ቀን ቆይቷል። የ2ኛውን ወር ስህተት እኔ አርሜ የላክሁት ሲሆን በጊዜው አልነገርኩዎትም፤ መንገር ነበረብኝ። የ5ኛው ወር ሪፖርት አስቀድሞ ሳይነገረኝ 4 ቀን ዘግይቷል። በ4ኛው ወር ስለተፈጠረው ስህተት ለጠየቅሁበት ኢሜይል መልስ ያገኘሁት ከ6 ቀን በኋላ ነው። በእነዚህ ምክንያቶች በሥራ ጥራት የሚጠበቀውን ደረጃ አላሟሉም፤ በዚህ ዙርም ለከፍተኛ ባለሙያነት አላቀርብዎትም። በሚቀጥለው ግማሽ ዓመት የማጠቃለያው ቁጥሮች ከዝርዝሩ በቀመር እንዲመጡ፣ ከመላክዎ በፊት ሁለቱን እንዲያመሳክሩ፣ የሚዘገይ ሪፖርት ካለ ቢያንስ ከ1 ቀን በፊት እንዲያሳውቁኝ እጠብቃለሁ። የሪፖርቱን ፎርም ለማስተካከል የሚያግዝዎትን ሰው እኔ እመድባለሁ። ከ3 ወር በኋላ፣ እስከዚያ የወጡትን ሪፖርቶች አብረን እናያለን።»

ኃላፊው ጽፎ ሲጨርስ አንብቦት፣ «ይሄ እኮ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ የበለጠ ነው የሚያመው» አለኝ።

ልክ ነው። ከመጀመሪያው ይረዝማል፣ ይከብዳልም። «አላሟሉም» የሚለው በግልጽ ተቀምጧል። 340 እና 240 ጎን ለጎን ቆመዋል። እንደ መጀመሪያው ግን ሴትየዋን አይነካም። የሚያመው የሆነው ነገር ነው፣ እሱ ደግሞ ሆኗል። ሁለተኛው ረቂቅ ላይ ከነበረው «ትጉህና ታታሪ» ይልቅ ይህኛው አክብሮት አለው ብዬ አምናለሁ፤ እውነቱን ትችለዋለች ብሎ ስላሰበላት።

ስለ ምስጋናው ጥቂት ልበል። ብዙ ቦታ የሚመከረው መጀመሪያ አመስግን፣ መሐል ላይ ጥፋቱን አስገባ፣ መጨረሻ ላይ ደግመህ አመስግን የሚል ነው። አልወደውም። አንባቢው ምስጋናውን እንደ መግቢያ ቆጥሮ «ግን» የምትለዋን ቃል እየጠበቀ ያነባል። ምስጋናው እውነት ቢሆን እንኳ አይሰማውም። በዚህ ፎርም ላይ ራሱን የቻለ የጠንካራ ጎን ክፍል አለ። ኃላፊው እዚያ «ትጉህ» የሚለውን አጥፍቶ፣ በሦስቱም ወራት በመጋዘን ቁጥር ላይ ጥርጣሬ ሲገባት በራሷ ተነሳሽነት ድጋሚ ማስቆጠሯን ጻፈ። ይህን ከፋይሎቹ በፊት አያውቀውም ነበር። ለካ የምስጋናውም ማስረጃ ስህተቱ ያለበት ቦታ ላይ ነበር።

ከፋይሎቹ ውጭ

ሥራውና ሰውየው የሚለያዩበት ነገር በጥናትም የታየ ነው። አቭራሃም ክሉገርና አንጄሎ ዴኒሲ በ1996 ባሳተሙት ሰፊ ትንተና ብዙ የግብረ መልስ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው መርምረዋል። ግብረ መልስ በአማካይ ሥራን ያሻሽላል። ከሦስት አንድ በላይ በሚሆኑት ውጤቶች ግን ሥራውን አባብሶታል። የሰጡት ማብራሪያ የሰሚው ትኩረት ከሥራው ተነሥቶ ወደ ራሱ ማንነት በሄደ ቁጥር ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል የሚል ነው። «ግዴለሽ» የሚለውን ቃል ያነበበ ሰው ስለምን ያስባል? ስለ ራሱ። «340 እና 240» ያነበበ ደግሞ ስለ ሪፖርቱ።

ሥልጠና ላይ የሚሰጠውን «ሁኔታ፣ ድርጊት፣ ውጤት» የሚለውን የሴንተር ፎር ክሪኤቲቭ ሊደርሺፕ ዘዴ የምታውቁ ትኖራላችሁ። መቼና የት፣ ምን ተደረገ፣ ምን አስከተለ። ጥሩ ዘዴ ነው፣ የኃላፊውም አንቀጽ በአብዛኛው እሱን ይከተላል። ብቻውን ግን አይበቃም። ዘዴውን ይዘን ፋይሎቹን ሳንከፍት ብንጽፍ ኖሮ «በአራተኛው ወር 340 ብለው ጻፉ፣ 9 ቀን ዘገየ» ብለን እናበቃ ነበር። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ። እሷም «እጠነቀቃለሁ» ብላ ትፈርም ነበር። መጠንቀቅ ደግሞ በእጅ የሚጻፍን ማጠቃለያ አያድነውም።

ሁሉም ነገር እንዲህ ይለሰልሳል እያልኩ አይደለም። ሪፖርቱ ሆን ተብሎ የተጭበረበረ ቢሆን፣ ወይም ሠራተኛው ባልደረባውን ቢያስፈራራ፣ ቦታው የምዘና አንቀጽ አይደለም። በራሱ ሥርዓት፣ ተጣርቶ፣ በስሙ ተጠርቶ መታየት አለበት። እንዲህ ያለውን ነገር «የባህርይ ክፍተት» ብሎ ምዘና ውስጥ መወሸቅ የተበደለውን ሰው ሁለተኛ መበደል ነው።

ጊዜውም ጉዳይ ነው። አንዱ አንቀጽ ብቻ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ወሰደብን። ሃያ ሰው የሚመዝን ኃላፊ ለሁሉም ይህን ማድረግ አይችልም። ለዚያ ነው 2 እና ከዚያ በታች የተሰጠባቸውን አንቀጾች ብቻ እንዲህ የማየው። ሌላውን «ምን አይተህ ነው?» በሚለው አንድ ጥያቄ አልፈዋለሁ። ወር በወር አንዲት መስመር ማስታወሻ የሚይዝ ኃላፊ ደግሞ ፋይል መፈለግ አያስፈልገውም። ያለ ማስታወሻ ግማሽ ዓመት የሚመዝን ሰው የመጨረሻውን ወርና የተናደደበትን ቀን ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

ፎርሙ ለሠራተኛዋ ተሰጠ። ከሥሩ የተመዛኝ አስተያየት የሚጻፍበት ክፍት ቦታ አለ። አብዛኛው ሰው ባዶውን ይተወዋል፤ የከፋው ደግሞ «አልስማማም» ብሎ ይፈርማል። እሷ ስለ ሦስቱ ሪፖርቶች እንደምትስማማ፣ ቀመሩን ከዚህ ወር ጀምራ እንደምታስገባ ጻፈች። አንድ ነገር ግን ተቃወመች። የአምስተኛው ወር ሪፖርት 4 ቀን አልዘገየም፣ 8ኛው ቀን ማታ ልኬዋለሁ አለች። ኃላፊው የከፈተው በ9ኛው ቀን ጠዋት ነበር። ኢሜይሉን ፈልጎ ሰዓቱን አየ። እውነትም በ8ኛው ቀን ማታ ገብቷል። «4» የሚለውን «3» ብሎ አረመው፣ ሁለቱም አጠገቡ ፈረሙ፣ የሥራ ጥራቱ ነጥብም 2 እንደሆነ ማህደሩ ውስጥ ገባ።